መጠኑን የሚቀንሰው ማን ነው?

ሰሞኑን አክስቴ ከመድኃኒት ቤት የተሰጣቸውን ወረቀት እንዳነብላቸው አመጡልኝ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የደም ግፊት መድኃኒት መመሪያ ነው። አንደኛው አንቀጽ «ይውሰዱ» ይላል፣ ሁለተኛው «አትርሳ»፣ ሦስተኛው «ካመማችሁ»። የሰባ ዓመት ሴት በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ተደረጉ። ተናደድኩ።

«ሁሉንም እርስዎ በለውና ተገላገል» ከሚሉት ጋር የቆየ ሙግት አለኝ። የእንግሊዝኛው «ዩ» አንድ ይሁን ብዙ፣ ሴት ይሁን ወንድ አይለይም። «እርስዎ» ጾታ ስለማይነካ፣ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚገባ ለማያውቅ ተርጓሚ በእርግጥ ይመቻል። ጣጣው ያለው ግሱ ላይ ነው። «እርስዎ ይቀንሳሉ»፣ «እሳቸው ይቀንሳሉ»፣ «እነሱ ይቀንሳሉ» እንላለን፤ ግሱ አንድ ነው። አማርኛ ደግሞ ተውላጠ ስሙን መጣል ይወዳል።

የአክስቴ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሐኪምዎ ውጤቱን ካዩ በኋላ መጠኑን ይቀንሳሉ።» አክስቴ ቀና ብለው «እኔ ነኝ የምቀንሰው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሐኪሙም በአክብሮት ስለተጠሩ፣ «ይቀንሳሉ» የሳቸውም የአክስቴም ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው በዚህ ዓረፍተ ነገር ተመርቶ ክኒኑን ለሁለት ቢከፍል ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። እኔ ብሆን ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ፦ «መጠኑን የሚቀንሱት ሐኪምዎ ናቸው። እርስዎ በራስዎ አይቀንሱ።» ረዘመ፣ ግን አያሳስትም። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ላላየ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብና «ማን ነው የሚያደርገው?» ብሎ መጠየቅ።

ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ወር አበባ በሚጻፍ ወረቀት ላይ ግን «እርስዎ» ልጅቷን ያርቃታል። «አንቺ» መባል አለባት፤ አንባቢዋ ሴት መሆኗ አስቀድሞ ይታወቃልና ጾታን መሸሽ ምን ያደርጋል?

የብዙ ቁጥሩ ስህተት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይደበቃል። በቅርቡ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ የስብከት መጽሐፍ ሳነብ ሉቃስ 22፥31-32 ላይ ቆምኩ። ጌታ ስምዖንን ጠርቶ ሲናገር፣ ሰይጣን ሊያበጥር የለመነው ሁሉንም ደቀ መዛሙርት ነው፤ ጸሎቱ ግን ስለ ጴጥሮስ ብቻ ነው። ግሪኩ የመጀመሪያውን በብዙ፣ ሁለተኛውን በነጠላ ይለያቸዋል። በዛሬው እንግሊዝኛ ሁለቱም «ዩ» ስለሆኑ ተርጓሚው ሁለቱንም «አንተ» አደረጋቸው፤ አሥራ አንዱ ከዓረፍተ ነገሩ ወጡ። ጴጥሮስ ወንድሞቹን እንዲያጸና ለምን እንደታዘዘም ግማሽ ምክንያቱ አብሮ ጠፋ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ልዩነቱን ጠብቆ አስቀምጦታል፤ ተርጓሚው ጥቅሱን ከእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ከሚተረጉም ከዚያው ሊገለብጠው ይችል ነበር።