ስለ ፍቅርና ስለ ጋብቻ ምሳሌዎች አተረጓጐም ለመጻሕፍት ተርጓሚዎች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የእንግሊዞችን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ለምትመልሱ ሁሉ።

ስለ ፍቅርና ስለ ጋብቻ የተነገረ ምሳሌ በመጣ ቍጥር ቃል በቃል እየገለበጣችሁ የምታልፉበትን ልማድ ለመንቀፍ ይህን ጽፌአለሁ።

እንግሊዞች ሳያጣራ ለሚያገባ ሰው የሚነግሩት የቆየ ተግሣጽ «በችኮላ አግባ፣ በዕረፍትህም ተጸጸት» ተብሎ ሲተረጐም፣ በእነርሱ ሰዋስው በትእዛዝ አንቀጽ የተነገረው «ብታገባ ትጸጸታለህ» ማለት መሆኑ ይጠፋና፣ ምክሩ ሰውን ወደ ጥፋት የሚልክ ትእዛዝ ይመስላል፤ ረጅም የጸጸት ዘመንን የሚያመለክተውም ቃል ዕረፍት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ስፍራ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚል አለን፤ በአንስታይ ጾታ ቢነገርም ለወንድ ሳይለወጥ ይባላልና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ማበላሸት አያሻም። ነገር ግን የእኛው የፈሰሰው እንደሚለቀም ሲናገር የእነርሱ ዘመን የማይሽረውን ጸጸት ስለሚያሳስብ፣ ታሪኩ ወደ መራራ ፍጻሜ የሚሄድ ከሆነ ተናጋሪው «እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ሲለቅም ይኖራል» ብሎ እንዲጨምር ማድረግ ይገባል።

ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በላቲን የታወቀው «የሚወደኝ ውሻዬንም ይውደድ» የሚለው ምሳሌም፣ አፍቃሪ የተወዳጁን ወገንና ጉድለት አብሮ እንዲቀበል የሚያሳስብ ሲሆን፣ ውሻ የስድብ ቃል በሆነበት በእኛ አገር እንዳለ ቢቀርብ አንባቢው ምሥጢሩን ትቶ በእንስሳው ይሥቃል። «ከወደዱ ከነንፍጡ» የሚለው፣ ከወገን ይልቅ ወደ ጉድለቱ ቢያዘነብልም፣ ወደ ምሥጢሩ ያደርሳል፤ ሆኖም የጓዳና የገበያ ንግግር ስለሆነ ለባልቴት አፍ ሲስማማ ለሰባኪ አፍ አይስማማምና፣ በዚያ ጊዜ ሐሳቡን በግልጽ ቃል መናገር ይሻላል።

አቻ ሲታጣም ሥርዓቱ ይኸው ነው። መለያየት ፍቅርን ያጸናል ለሚለው ምሳሌያቸው «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል»ን መተካት፣ ሁለቱም ስለ ርቀት ስለሚናገሩ ቢያስመኝም፣ የነገሩን ሥር መገልበጥ ነው፤ ስለዚህ ናፍቆቱን በተራ ዐረፍተ ነገር ግለጹት እንጂ ምሳሌ የሚመስል ነገር ከልባችሁ አታመንጩ።

እንግዲህ ምሳሌ በገጠማችሁ ጊዜ ከቃላቱ በፊት ማን ለማን፣ ለተግሣጽ ወይስ ለማጽናናት፣ በቧልት ወይስ በምሬት እንደ ተናገረው መርምሩ፤ አቻውን ከመረጣችሁም በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ለአንድ ሽማግሌ ንገሩ። ሽማግሌው የቀረውን ከሞላላችሁ ምሳሌውን አግኝታችኋል፤ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን ሥራው ገና አልተፈጸመምና ወደ ማተሚያ ቤት አትላኩት።