ቧንቧ ሲዘጋ ግድግዳው ለምን ይደነግጣል? የውኃ መዶሻ መድኃኒቱ ድምፁ ከተሰማበት ቦታ አይገኝም

በሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ የጡብ ቤቶችም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የአፓርታማ ሕንፃዎች ነዋሪ የሆነ ሰው ይህን ድምፅ አያጣውም። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውኃ መሙላቱን ሲያቆም፣ ወይም የወጥ ቤቱ ቧንቧ በአንድ ምት ሲዘጋ፣ ከግድግዳው ውስጥ «ዷ!» የሚል ምት ይሰማል። መሐንዲሶች ይህን ክስተት «የውኃ መዶሻ» ይሉታል። አብዛኛው ሰው ግን የቤቱ እርጅና አድርጎ ይቆጥረውና ይለምደዋል። ያልለመደው ደግሞ ድምፁ የመጣበትን ግድግዳ ማስፈተሽ ይጀምራል። ሁለቱም መንገዶች ትክክል አይደሉም። ድምፁ የሚወለደው ውኃው በድንገት ከቆመበት ቦታ ሲሆን፣ የሚሰማው ግን ቧንቧው በደንብ ካልታሰረበት ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል የበርካታ ሜትሮች ርቀት ሊኖር ይችላል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ለመጣ ሰው ድምፁ እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ውኃውን ከጣሪያ ላይ ታንከር የሚያገኝ ቤት የሚሠራበት ግፊት እጅግ ዝቅተኛ ነው። ታንከሩ ከቧንቧው በ3 ሜትር ከፍ ቢል የሚገኘው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ አሜሪካውያን በሚጠቀሙበት መለኪያ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይሆናል። በዋሽንግተን አካባቢ በመስመር የሚመጣ ውኃ 60 ፒ.ኤስ.አይ. ቢኖረው የዚያን 14 እጥፍ ያህል ነው። ውኃው በዝግታ ሲፈስ ሲቆምም በዝግታ ነው፤ በፍጥነት የሚሮጥ ውኃ ግን በድንገት ሲገታ ጉልበቱን አንድ ቦታ ማራገፍ አለበት።

የጉልበቱን መጠን ማስላት ከባድ አይደለም። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውኃ መስመሮች ላይ ባደረገው ሙከራ ተመርኩዞ በ1898 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሕግ ዛሬም ይሠራል። በሕጉ መሠረት የግፊቱ ጭማሪ የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ የውኃው እፍጋት፣ በቧንቧው ውስጥ የግፊት ሞገድ የሚጓዝበት ፍጥነት፣ እና ውኃው ከመቆሙ በፊት የነበረው ፍጥነት። በቤት ውስጥ በሚዘረጋ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 1,300 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሞገዱ እንዲህ የሚፈጥነው ውኃም መዳብም በቀላሉ ስለማይጨመቁ ነው።

በዚህ ስሌት አንድ ቤት እንመርምር። የልብስ ማጠቢያው በምድር ቤት ነው፤ ከውኃ ቆጣሪው እስከ ማሽኑ ያለው የግማሽ ኢንች መዳብ ቧንቧ 15 ሜትር ይረዝማል። ማሽኑ በደቂቃ 12 ሊትር ያህል ሲቀዳ ውኃው በቧንቧው ውስጥ በሰከንድ 1.3 ሜትር ይሄዳል፤ ይህም የሰው ዘና ያለ እርምጃ ነው። ነገር ግን ይህ ዝግ ያለ የሚመስል ጉዞ በቅጽበት ቢገታ የሚፈጠረው ጭማሪ 17 ባር፣ ማለትም 245 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይደርሳል። በመስመሩ ውስጥ አስቀድሞ ያለው ግፊት ሲደመርበት 300 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ይሆናል። ጤነኛ የመዳብ ቧንቧ ይህን ይሸከማል፤ በአንድ ምትም አይፈነዳም። የሚጎዱት ደካሞቹ ናቸው፦ የማሽኑ የጎማ ቱቦ፣ የቫልቮች ላስቲክ፣ የመገጣጠሚያ ክሮች፣ ከእንጨት ጋር የሚፋተግ የቧንቧ ክርን። ማሽኑ በአንድ እጥበት ውኃውን ደጋግሞ ስለሚከፍትና ስለሚዘጋ፣ ምቱ በዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ «ቅጽበት» የሚለው ቃል በትክክል መለካት አለበት። ሞገዱ ከተዘጋው ቫልቭ ተነሥቶ እስከ ቆጣሪው ሄዶ ሲመለስ 30 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም የሚወስድበት ጊዜ 0.023 ሰከንድ ነው። ቫልቩ ከዚህ ጊዜ በፈጠነ ፍጥነት ከተዘጋ ግፊቱ ሙሉ ከፍታውን ይደርሳል። መዝጋቱ ሲዘገይ ደግሞ ጭማሪው በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሩብ ሰከንድ የተዘጋ ቧንቧ በዚሁ መስመር ላይ የሚፈጥረው ጭማሪ 1.6 ባር ገደማ፣ ማለትም ከሙሉው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእጅ የሚዘጋ ቧንቧ መድኃኒቱ ከእጅ አይርቅም፤ መዝጊያውን ረጋ ብሎ መመለስ ይበቃል። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ማሽኖችን የውኃ መግቢያ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ቫልቭ ግን በኤሌክትሪክ ስለሚታዘዝ እንዲዘገይ ሊመከር አይችልም። በሬስቶራንት ወጥ ቤት ሳህን ማለቅለቂያ ላይ የተንጠለጠለው መጭመቂያ መርጫም እንዲሁ ነው፤ እጁ የላላ እንደሆነ ወዲያው ይዘጋል።

ወደ መፍትሔው ከማለፍ በፊት ድምፁን መለየት ያስፈልጋል፤ ከግድግዳ የሚወጣ ድምፅ ሁሉ የውኃ መዶሻ አይደለምና። የውኃ መዶሻ ፍሰቱ እንደቆመ ወዲያው የሚሰማ አንድ ምት ነው፤ አንዳንዴ እየደከሙ የሚሄዱ ጥቂት ምቶች ይከተሉታል። ውኃው እየፈሰሰ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ካለ በአብዛኛው ከላላ የቫልቭ ላስቲክ ይመጣል። ሙቅ ውኃ ከተከፈተ በኋላ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» መዳቡ ሲሞቅ ረዝሞ ከእንጨት ጋር የመፋተጉ ድምፅ ነው። በእንፋሎት በሚሞቁ አሮጌ ሕንፃዎች በክረምት ሌሊት የሚሰማው ምት ደግሞ የማሞቂያው ችግር ነው፤ ለእርሱ የውኃ ቧንቧ መጠገን ምንም አይጠቅመውም።

የውኃ መዶሻ መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያው ሥራ ግፊቱን መለካት ነው። በክር የሚታሰር የግፊት መለኪያ ከቤቱ ውጭ ባለው የአትክልት ማጠጫ ቧንቧ ላይ ገጥሞ፣ በቤቱ ውስጥ ውኃ የሚጠቀም ሰው በሌለበት ሰዓት ማንበብ ይቻላል። መሬቱ ኮረብታማ ስለሆነ ንባቡ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በአንድ የግፊት ቀጠና ውስጥ በስላይጎ ክሪክ ሸለቆ ያለ ቤት ከኮረብታው አናት ካለው ቤት በ10 ሜትር ዝቅ ቢል ግፊቱ በ14 ፒ.ኤስ.አይ. ከፍ ይላል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የቧንቧ ሥራ ኮድ በሕንፃ ውስጥ ከ80 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ግፊት ሲኖር የግፊት መቀነሻ ቫልቭ እንዲገጠም ያዝዛል።

ሆኖም የግፊት መቀነሻውን እንደ ሙሉ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው እውነቱን በግማሽ ነው የሚናገረው። ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከግፊቱ ጋር እኩል ሳይሆን በግፊቱ ካሬ ሥር ልክ ነው። 95 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረው ወደ 55 ዝቅ ቢደረግ ግፊቱ በአርባ በመቶ ሲወርድ የውኃው ፍጥነት፣ ከእርሱም ጋር የመዶሻው ምት፣ በሩብ ገደማ ብቻ ይቀንሳል። ይህ ለቱቦዎችና ለቫልቮች ዕድሜ ይጠቅማል፤ ድምፁን ግን ላያጠፋው ይችላል። ከውኃ ማሞቂያው አጠገብ የሚገጠመው የማስፋፊያ ጋንም ሥራው ሌላ ነው፤ የሞቀው ውኃ ሲሰፋ የሚተርፈውን መጠን ይቀበላል፤ ከማሽኑ ርቆ ስለሚገኝ ግን ምቱን አስቀድሞ አያገኘውም።

ሁለተኛው ሥራ ላልተው የሚንቀጠቀጡትን ቧንቧዎች ማሰር ነው። በዚያው ኮድ መሠረት በአግድም የተዘረጋ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ በየ6 ጫማው፣ ማለትም በየ1.8 ሜትሩ መደገፍ አለበት። በምድር ቤት ጣሪያ ሥር በግልጽ የሚታይ ቧንቧ በእጅ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ድምፁ ከዚያ እንደሚመጣ መገመት ይቻላል። ማሰሪያው ግን የሚያጠፋው ድምፁን እንጂ ግፊቱን አይደለም። ጸጥ ያለ ቤት ሁሉ የዳነ ቤት አይደለም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ነው።

ግፊቱን ራሱን የሚያረግበው ሦስተኛው ሥራ ነው፤ ምቱ ከሚነሣበት ቫልቭ አጠገብ የሚጨመቅ ነገር ማስቀመጥ። የቀድሞ ሠራተኞች ይህን ያደረጉት አናቱ የተደፈነ ቀጥ ያለ አጭር ቧንቧ ከመስመሩ ላይ አቁመው፣ በውስጡ አየር በማስቀረት ነው። ዘዴው ሲጀመር ይሠራል። ችግሩ አየሩ ቀስ በቀስ በውኃው ውስጥ እየሟሟ ማለቁና ቧንቧው በውኃ መሞላቱ ነው። ለዓመታት ጸጥ ያለ ቤት በድንገት መጮኽ ከጀመረ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። ዋናውን ቫልቭ ዘግቶ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ፣ መስመሩን ሙሉ በሙሉ በማድረቅ አየሩን መመለስ ይቻላል፤ ግን ጊዜያዊ ነው።

ዘመናዊው መሣሪያ፣ በሙያው አጠራር አሬስተር የሚባለው፣ ይህን ጉድለት በፒስተን ያርማል። በትንሽ ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር አለ፤ በጎማ ቀለበት የታሸገ ፒስተን አየሩን ከውኃው ይለየዋል፤ ስለዚህ አየሩ አይሟሟም። ምቱ ሲመጣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ውኃውም ከግድግዳ ጋር ከመጋጨት ይልቅ በአየር ትራስ ላይ ያርፋል። ዋናው ነገር ርቀቱ ነው፤ መሣሪያው ከሚዘጋው ቫልቭ በ1.8 ሜትር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ማሽኑ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወስድ ሁለት ያስፈልጉታል። የጎማ ቀለበቱ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የቆየ አሬስተር እያለ ድምፁ ከተመለሰ መሣሪያውን መለወጥ ነው።

ኮዱ በፍጥነት የሚዘጉ ቫልቮች ባሉበት ሁሉ አሬስተር እንዲገጠም ይጠይቃል። ነገር ግን ብዙዎቹ ቤቶች ከኮዱ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ማሽኑ የተጨመረው ደግሞ በኋላ ነው። ስለዚህ ማሽን ያስገባ አከራይ አሬስተሩንም አብሮ ማስገባት ነበረበት፤ ተከራዩ የሚያቀርበው አቤቱታም «ቤቱ ይጮኻል» ከሚል ይልቅ «የማሽኑ መግቢያ ማርገቢያ የለውም» ቢል በትክክል መልስ የሚሰጠው ጥያቄ ይሆናል። አከራዩ ቢዘገይ እንኳ በማሽኑ ቱቦና በቧንቧው መካከል በክር የሚታሰር ዓይነት አለ፤ ግድግዳ አይከፍትም፣ ብየዳ አይፈልግም፣ ቤት ሲለቀቅም ተፈትቶ ይወሰዳል። ቧንቧ መቁረጥና መበየድ የሚጠይቀው ግን ፈቃድ ላለው የቧንቧ ባለሙያ መተው አለበት። ባለሙያው ሲመጣ ደግሞ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛውን ግድግዳ ልክፈት?» ሳይሆን «ድምፁ ሲሰማ የተዘጋው የትኛው ቫልቭ ነበር?» መሆን ይገባዋል።