ቶር ላይ ቪፒኤን መደረብ ሁሌ አይሸሽግም

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ ደም ከፈሰሰ በኋላ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ብዙ ሰው ወደ ቪፒኤን ሮጠ። ዛሬም «ሁለቱን ደርቡ፣ ማንም አያገኛችሁም» የሚል ምክር ይዞራል። ይህ ምክር ሰው ያስበላል።

ቪፒኤን አስቀድማችሁ ቶርን ብትከፍቱ፣ ቴሌ የሚያየው ቪፒኤኑን ብቻ ነው። በ2004 ዓ.ም. ቶር ተለይቶ በታገደበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን አድራሻችሁንና ቶር መክፈታችሁን አሁን የሚያውቀው የቪፒኤኑ ድርጅት ነው። በነፃ ካወረዳችሁት፣ ባለቤቱን ታውቁታላችሁ? መሀል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ቶር በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል፤ ያኔ ቴሌም ያየዋል።

ተገላቢጦሹ ይብሳል። ቶር ለየድረ ገጹ መንገድ እየቀያየረ ዱካችሁን ይበትናል። ቪፒኤኑን ከቶር በኋላ ካስገባችሁ ግን የተበተነውን መልሶ በአንድ አካውንት ስር ይሰበስበዋል። የከፈላችሁት በባንክ ካርድ ከሆነ ስማችሁም እዚያው አለ።

ከሻሸመኔ ወይም ከአዳማ ለጋዜጠኛ ሰነድ የሚልክ ሰው ብዙ ጊዜ ቪፒኤን አያስፈልገውም። በቶር ብሮውዘር Settings ውስጥ Connection ገብቶ obfs4 የተባለውን ድልድይ ይምረጥ፤ ቶር መሆኑን ይደብቅለታል። በስልክ ቁጥሩ በተከፈተ አካውንት ከገባ ግን ድልድዩም አያድነውም። ኢንተርኔቱ ራሱ እንደ ሰኔ 2012 ሲቆረጥ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው።