የጠፋው የፊት ቀለም
ፎቶግራፍን ወደ ካርቱን የሚቀይሩ ሞዴሎች የጠቆረ ፊትን የሚያፈኩት፣ የሠለጠኑባቸው ምስሎች በአመዛኙ ፈካ ያለ ቆዳ ስለሚያሳዩና ውጤቱም ወደዚያ አማካይ ስለሚሳብ ነው፤ በተጨማሪም የጠቆረ ቆዳ ቅርጹን ይበልጥ የሚያሳየው በግንባርና በጉንጭ ላይ በሚያርፍ ነጸብራቅ ሆኖ ሳለ፣ ሞዴሉ ቀለማትን ወደ ጥቂት ወጥ እርከኖች ሲያጠጋጋ ነጸብራቁን አብሮ ስለሚውጠው ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብዙዎች የሚቸኩሉበት መፍትሔ፣ ማለትም ምስሉን በሙሉ ማጨለም፣ ልብሱንና ዳራውን ያበላሻል። የሚሻለው ቆዳውን በማስክ፣ ማለትም በመከለያ፣ ለይቶ ብሩህነትን ከቀለም ነጥሎ በሚለካው Lab በተባለው ሥርዓት ማረም ነው፤ ለምሳሌ በዋናው ፎቶ 35 የነበረው የጉንጩ ብሩህነት በውጤቱ 58 ከደረሰ፣ ከየነጥቡ 23 መቀነስ ጥላውን ድፍን ጥቁር ስለሚያደርገው፣ መካከለኛውን ብሩህነት ብቻ በከርቭ ዝቅ አድርጎ ነጸብራቁን ከዋናው ፎቶ መመለስ ይገባል። ልኬቱ ተስተካክሎም ፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ እርማቱ አላለቀም።