ትንበያው ከዜሮ በላይ ሳለ ሰብሉን ውርጭ ሊመታው ይችላል፦ «አየሩ ዜሮ አልደረሰም» ለሚለው ክርክር ምላሽ

ሰብሉ በአንድ ሌሊት የጠወለገበት ገበሬ «ውርጭ መታኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚገጥመው መልስ አንድ ዓይነት ነው። የዚያ ሌሊት ትንበያ ይወጣል፣ ዝቅተኛው ሙቀት 4 ወይም 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደነበር ይነበባል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ውሃ በረዶ የሚሆነው ዜሮ ላይ ነው፤ አየሩ ዜሮ አልደረሰም፤ ስለዚህ ውርጭ አልነበረም፤ ሰብሉን በሽታ ወይም የውሃ ጥም ጎድቶት ይሆናል። ወደ ከሚሴ ሲመጣ ክርክሩ ሌላ ድጋፍ ያገኛል። አገሩ ሞቃት ነው፣ ውርጭ የመንዝና የደሴ ዙሪያ ደገኞች መከራ እንጂ የቦርከና ሸለቆ ሰው ጉዳይ አይደለም ይባላል። የመጀመሪያው ክርክር ስሌቱ ልክ ነው፤ የተነሣበት ቁጥር ግን የቅጠሉ ሙቀት አይደለም። ሁለተኛው ግማሽ እውነት አለውና ወደ ኋላ ለይቼ አየዋለሁ።

በመጀመሪያ «4 ዲግሪ» የሚለው የምን ሙቀት እንደሆነ እንይ። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ጎንና ጎኑ አየር በሚያሳልፍ፣ ከላይ ግን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ክዳኑ ቀን ፀሐይን ይከላከላል፤ ሌሊት ደግሞ ቴርሞሜትሩን ከሰማይ ይጋርዳል። እንዲህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ የሚፈለገው የአየሩ ሙቀት እንጂ የመሣሪያው ሙቀት አይደለምና። ትንበያውም የሚሰጠው በዚሁ ልክ ነው። ማሳ ላይ ያለው ቅጠል ግን ሳጥን የለውም፣ ክዳን የለውም፣ ከመሬት ያለው ርቀትም አንዳንዴ ከስንዝር አይበልጥም። በሳጥኑ ውስጥ የተለካውን ቁጥር ወስዶ ስለ ቅጠሉ መፍረድ በጥላ ሥር የቆመን ሰው ጠይቆ ፀሐይ ላይ ስላለው መመስከር ነው።

ቅጠሉ ከአየሩ በላይ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ይህ ነው። ማንኛውም አካል ሙቀቱን ለዓይን በማይታይ ጨረር አማካይነት ዘወትር ወደ ውጭ ይለቃል። ወደ 2 ዲግሪ የወረደ ቅጠል ወደ ሰማይ ከሚያየው ገጹ በአንድ ካሬ ሜትር ከ320 ዋት ትንሽ የሚበልጥ ይሰጣል። ሰማዩም በበኩሉ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን በአብዛኛው ደመናና በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ነው። ደመና ባለበት ሌሊት መልሱ ከወጪው ብዙም አያንስም። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ አየሩም ደረቅ በሆነበት የበጋ ሌሊት ግን በካሬ ሜትር 80 ወይም 90 ዋት ጉድለት ይፈጠራል። ነፋስ ካለ፣ ከላይ የሚመጣው ለብ ያለ አየር ጉድለቱን ይሞላል። ነፋስ ከሌለ ቅጠሉ ከዙሪያው አየር ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ የነካውን አየርም ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይተኛል፣ ከበላዩም ሞቅ ያለው ይቀመጣል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሁለት ሜትር ላይ ያለው ቴርሞሜትርና እግራችን ሥር ያለው ሰብል ያሉት በሁለት የተለያዩ አየሮች ውስጥ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሮበርት ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1775 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሕንድ አላሃባድ አካባቢ ሰዎች በብርዱ ወራት ሌሊት በረዶ እንዴት «እንደሚያመርቱ» ገልጿል። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ወለሉ ላይ የሸንኮራ አገዳ ወይም የበቆሎ አገዳ በወፍራሙ ያነጥፋሉ፣ በላዩ ላይ ጥቂት ውሃ የያዙ ገል ሳህኖችን ደርድረው ያድራሉ። በዚያ አገር የኩሬ ውሃ ሲረጋ ታይቶ አይታወቅም ነበር፤ ሳህኖቹ ግን ጠዋት በረዶ ይዘው ይገኛሉ። ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ1814፣ ሐኪሙ ዊልያም ቻርልስ ዌልስ ስለ ጤዛ በጻፈው ድርሰት ምክንያቱን አስረዳ። ለንደን አጠገብ ባለ የአትክልት ቦታ ሌሊት ሌሊት ቴርሞሜትሮችን በሣርና በሱፍ ላይ እያስተኛ፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ እየሰቀለ አነጻጸረ። በጠራ ሌሊት ሣሩ ከአየሩ እጅግ ቀዝቅዞ ተገኘ፤ ደመና ሲመጣ ልዩነቱ ጠፋ። የሕንዶቹ አገዳም ሥራው ገባው፤ ከመሬት ወደ ሳህኑ የሚወጣውን ሙቀት ይከለክል ነበር። ዛሬ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ከሳጥኑ ውጭ በሣር ጫፍ ላይ የሚያስተኙት ዝቅተኛ ቴርሞሜትር የዚህ ሥራ ልጅ ነው። ትንበያ ላይ ግን ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

አሁን ወደ ከሚሴ እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ግን ከከተማዋ ብዙ ከፍ የሚሉ ቀበሌዎች አሉ፤ ከጨፋ ሜዳ ወደ ምዕራቡ ተራራ ሲወጣ ማሽላው እየቀረ ስንዴና ባቄላ ይተካል። እንበል ጥቅምት ሲያልቅ ለከሚሴ የተነገረው ዝቅተኛ ሙቀት 10 ዲግሪ ነው፤ ዘግይቶ የተዘራ፣ ገና አበባ ላይ ያለ ስንዴ ደግሞ 2,300 ሜትር ላይ አለ። ከፍታው በ900 ሜትር ይበልጣል። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ቢቀንስ እዚያ ሳጥን ቢኖር የሚያነበው ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይሆናል። ማሳው ዙሪያው ከፍ ያለ ረባዳ ቦታ ከሆነ ከተዳፋቱ የሚንሸራተት ቀዝቃዛ አየር ይጠራቀምበታልና ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል፤ 2 ላይ ደረስን። ከዚያ ላይ ቅጠሉና የስንዴው ራስ ወደ ሰማይ በሚለቁት ሙቀት ሦስት ዲግሪ ሲወርድ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። አበባ ላይ ያለ ስንዴ እዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ፍሬ ሊያጣ ይችላል። አንዱም እርምጃ ያልተለመደ አይደለም። በየ100 ሜትሩ የሚለው ደንብ ሌሊት በደንብ እንደማይሠራ፣ ረባዳው ከበላዩ ካለው ጉብታ ሊብስ እንደሚችልም አልክድም፤ ይህ ግን ትንበያውን ይበልጥ የሚያርቅ እንጂ የሚያቀርብ አይደለም።

በሌላ በኩል፣ ቅጠል ዜሮ ደረሰ ማለት ተጎዳ ማለት አይደለም። የተክል ውሃ ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ከዜሮ በታች አንድ ሁለት ዲግሪ ወርዶም ሳይረጋ ሊያድር ይችላል። አንዳንድ በቅጠል ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ለበረዶው መነሻ ሲሆኑ መርጋቱ ይፈጥናል። በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው በሕዋሶቹ መካከል ነው፤ ከውስጣቸው ውሃ እየሳበ ያደርቃቸዋል። ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ በውሃ የተቀቀለ የሚመስለው፣ ከዚያም በአንድ ሁለት ቀን የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ማስረጃ «ጠዋት ነጭ አመዳይ አላየንም» የሚለው ነው። አመዳይ የሚታየው አየሩ በቂ ተን ሲኖረው ነው። ጤዛ ሲወርድ እንዲያውም ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን ጤዛም አመዳይም ሳይታይ ቅጠሉ በቀጥታ ወደ መርጋት ይወርዳል፤ ክፉው ውርጭ ይህ ነው። ስለዚህ የነጭ ነገር አለመታየት ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒውም ሣር ጫፍ ላይ አመዳይ ታይቶ ከፍ ያለው ሰብል ደኅና ሊያድር ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ክርክር ልመለስ። ከሚሴ ሜዳ ራሱ ላይ፣ ሳጥኑ 9 ወይም 10 ዲግሪ ባነበበበት ሌሊት፣ ቅጠሉ አምስት ዲግሪ ቢቀንስ እንኳ 4 ወይም 5 ላይ ይቆማል። ይህ በረዶ አይሠራም። በዚህ ነጥብ ላይ ተከራካሪዎቼ ትክክል ናቸው፤ በጨፋ ሜዳ የሚታየውን ጉዳት ሁሉ ውርጭ ማለት አይገባም። «ውርጭ ካልሆነ ብርድ አልጎዳውም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ሙዝ የሞቃት አገር ተክሎች ናቸው፤ ከ10 ዲግሪ በታች መቆየት ብቻውን ይጎዳቸዋል። ማሽላ ራሱን ከማውጣቱ በፊት ባለው ጊዜ በተከታታይ ሌሊቶች ብርድ ካገኘው የአበባው ዱቄት ሳይፋፋ ይቀርና ራሱ ባዶ ይወጣል፤ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ይህ ጉዳት ውርጭ ተብሎ ቢመዘገብ ስሕተት ነው፤ «ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ነበር» ተብሎ ሳይመዘገብ ቢቀር ግን ስሕተቱ ይብሳል።

ውርጭን ከበሽታ ለመለየት ማሳውን በአሻራው ማንበብ ይቻላል። ውርጭ በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ በሽታ ከአንድ ነጠብጣብ ጀምሮ ይስፋፋል። ውርጭ የሚያጠቃው ረባዳውን፣ ከላይ ያለውንና ሰማይ የሚያየውን ቅጠል ነው፤ ከግራር ሥር ያለው ክብ ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ከተረፈ ምስክር አያሻም። ስንዴ ላይ አስቸጋሪነቱ ቅጠሉ ጤነኛ መስሎ መቆየቱ ነው። ከሌሊቱ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ የአበባውን ሽፋን በጥፍር ከፍቶ ማየት ነው፤ ዱቄት የሚይዙት ትናንሽ ከረጢቶች ጤነኛ ሲሆኑ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆነው ይወጠራሉ፣ ውርጭ ከመታቸው ነጭና የተኮማተሩ ናቸው። የግምገማ ኮሚቴ ከአንድ ወር በኋላ ሲመጣ የሚያየው ነጭ ራስ ብቻ ስለሚሆን፣ በድርቅ ከነጣው ለመለየት ይቸገራል።

ማስረጃው ውድ አይደለም። ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በሰብሉ ራስ ከፍታ፣ ያለ ክዳን፣ ሰማይ እንዲያይ አግድም አስተኝቶ ፀሐይ ሳትወጣ ማንበብ ይበቃል። ሁለተኛውን በጥላ ክዳን ሥር ደረት ላይ በሚደርስ ከፍታ ቢሰቅሉት ልዩነቱ ይታያል። ለጥቂት የጠሩ ሌሊቶች ያለ ክዳን የተኛው ቴርሞሜትር ከትንበያው በስንት እንደሚያንስ የመዘገበ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ፣ ትንበያው በሚሰጠው ቁጥር ላይ ለዚያ ማሳ ስንት መቀነስ እንዳለበት ያውቃል። የደረሰበት ቅናሽ ስድስት ከሆነ፣ የ5 ዲግሪ ትንበያ በተሰማበት ጥርት ያለና ነፋስ የሌለው ምሽት መስኖ ያለው ሰው በዋዜማው አፈሩን ያጠጣል፤ እርጥብ አፈር ቀን የወሰደውን ሙቀት ሌሊት በተሻለ ይመልሳልና። በመደቦቹ መካከል ገለባ አንጥፎ ከሆነ ደግሞ ያን ሌሊት ያነሣዋል፤ የአላሃባድ በረዶ ሠሪዎች አገዳ ያነጠፉት ለተቃራኒው ዓላማ ነበር።