ማኅተም ሂሳብ አይደምርም

በእኛ አካባቢ አንድ ወረቀት እውነት የሚሆነው ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ከመርሳ እስከ ወልድያ ባሉት መስኮቶች ሁሉ ያደግንበት ሃይማኖት ይኸው ነው፤ ክብ ማኅተም ካለው ክርክር የለም። ችግሩ ማኅተም መስክሮ የሚያውቀው ወረቀቱ ከየት እንደወጣ እንጂ ውስጡ ያለው ቁጥር ትክክል መሆኑን አለመሆኑ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ የምንከራከረው ስለ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው፤ ሪያል፣ ዶላርና ብር ተቀላቅለው ስለሚገኙበት የሂሳብ መግለጫ፣ በተለምዶ “ስቴትመንት” ስለምንለው።

ሐብሩ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እህት ሪያድ ሠርታ የላከችው ገንዘብ እናት እጅ እስኪገባ ሁለት ጊዜ መልኩን ሊቀይር ይችላል፤ ከሪያል ወደ ዶላር፣ ከዶላር ወደ ብር። ገንዘብ መልኩን በቀየረ ቁጥር ሊሸረፍ ይችላል። ታዲያ ስቴትመንቱ ሲመጣ እኛ ምን እናደርጋለን? የመጨረሻዋን መስመር እናያለን። “ስንት ቀረ?” እንላለን። ከዚያ አጥፈን ኪስ ውስጥ እንከታለን።

“ባንክ ይሳሳታል ወይ?” ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናግቶ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ችግር ነው አለ። ቀጥሎም ያላግባብ የሄደውን ገንዘብ መስመር በመስመር እያሰላ አስመልሱ አለ፤ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ለሕዝብ አሳየ። ይህን በማድረጉ አንከሰውም፤ ገንዘቡ የሱ ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ስህተቱ ባንክን ሲጎዳ ባንክ ያሰላል። ስህተቱ እናታችንን ሲጎዳ ማን ያሰላል?

ስለዚህ እናስላ። ከታች ያለው ስቴትመንት የማንም ሰው አይደለም፤ ለማሳያ ራሳችን ያዘጋጀነው ነው። ሁለቱ የዶላር ዋጋዎች ግን እውነተኛ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው፣ አርብ ሐምሌ 19 በ57.48 ብር የነበረው ዶላር ሰኞ ዕለት ንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ 74.73 ሆኖ አደረ።

መነሻ፦ ሪያል 0፣ ዶላር 150.00፣ ብር 4,200.00
ሐምሌ 10፦ 3,000.00 ሪያል ገቢ
ሐምሌ 12፦ 3,000.00 ሪያል ወጪ፣ 789.47 ዶላር ገቢ
ሐምሌ 22፦ 600.00 ዶላር ወጪ፣ 34,488.00 ብር ገቢ
ሐምሌ 24፦ 8,000.00 ብር ወጪ
መዝጊያ፦ ሪያል 0፣ ዶላር 339.47፣ ብር 30,638.00

አራት እንቅስቃሴ ብቻ። ማኅተም አለው እንበል። አሁን ብዕርና የስልካችሁን ካልኩሌተር አውጡ።

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቱን ሦስት ቦታ መቁረጥ ነው፤ በመቀስ ሳይሆን በደብተር። ለሪያል አንድ ገጽ፣ ለዶላር አንድ ገጽ፣ ለብር አንድ ገጽ። በየገጹ መነሻውን ጻፉ፣ ገቢውን ደምሩ፣ ወጪውን ቀንሱ፣ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ የቀረውን ጻፉ። ሪያል፦ ከዜሮ ተነስቶ 3,000 ገባ፣ 3,000 ወጣ፣ ዜሮ። ልክ ነው። ዶላር፦ 150 ሲደመር 789.47፣ 939.47፤ 600 ሲቀነስ 339.47። እሱም ልክ ነው። ብር፦ 4,200 ሲደመር 34,488፣ 38,688፤ 8,000 ሲቀነስ 30,688። ወረቀቱ ግን 30,638 ይላል። ሃምሳ ብር የለችም።

ይህች ሃምሳ ብር የአገልግሎት ክፍያ ልትሆን ትችላለች። ትሁን። ግን መስመር ላይ ያልተጻፈ ክፍያ ክፍያ አይባልም፤ ቀሪው ከቀነሰ የቀነሰው ነገር ስምና ቀን ሊኖረው ይገባል። የቀሪ ሂሳብ ምርመራ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የጎደለ መስመርን ያጋልጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሃምሳ ብሯን ይዞ መስኮት ላይ ይከራከራል፣ ይመለስለታል፣ አሸንፎ ይወጣል። እኛ ግን ይህ ሰው ትልቁን ገንዘብ ትቶ ወጣ እንላለን። ለምን ቢሉ፣ የምንዛሪ ስህተት ቀሪ ሂሳብን ፈጽሞ አያናጋም። የተሳሳተው ብር አንዴ ገቢ ሆኖ ከተጻፈ በኋላ መደመሩም መቀነሱም በሱ ላይ በትክክል ይቀጥላል። ድምሩ እንከን አይወጣለትም፤ ከመነሻው የገባው ቁጥር ነው ጎዶሎው። በመሆኑም ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ይኸኛው እያንዳንዱን ምንዛሪ ለብቻው ያያል።

ምንዛሪ ሁለት እግር አለው። ከአንዱ ገጽ ይወጣል፣ በሌላው ይገባል። የወጣውን ለገባው፣ ወይም የገባውን ለወጣው አካፍሉ፤ የምታገኙት ቁጥር ባንኩ በእርግጥ የተጠቀመበት ዋጋ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተጻፈም አልተጻፈ።

በሐምሌ 12ቱ እንጀምር። 3,000 ሪያል ለ789.47 ሲካፈል 3.80 ይመጣል። ይህ ቁጥር ጥሩ ነው መጥፎ? እዚህ ላይ ለዓረብ አገር ገንዘብ የሚሆን አስተማማኝ ክንድ አለን። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሯል። ስለዚህ 3,000 ሪያል ያለ ምንም ትርፍ 800 ዶላር ነው። በመካከል 10.53 ዶላር ቀርቷል። ይህ የግድ ስህተት አይደለም፤ ባንክም አስተላላፊም በመግዣና በመሸጫ መካከል ያተርፋል። ነገር ግን “ዝውውሩ ነፃ ነው” ተብሎ ከነበረ ነፃ እንዳልነበረ አሁን አወቃችሁ፤ ክፍያው የተደበቀው ዋጋው ውስጥ ነው። በዚያው ክንድ የብሩንም ሰሌዳ መለካት ይቻላል። ዶላር 57.48 በሆነበት ቀን ሪያል ወደ 15.33 ብር፣ 74.73 በሆነበት ቀን ወደ 19.93 ብር መጠጋት አለበት። በጣም ከራቀ ምክንያቱን ጠይቁ።

አሁን ወደ ሐምሌ 22 እንምጣ። 34,488 ብር ለ600 ሲካፈል 57.48። ቁጥሩ ራሱ ተናገረ፤ ይህ የአርብ ዋጋ ነው። ቀኑ ግን ሰኞ ነው። በሰኞው 74.73 ቢሰላ 44,838 ብር ይሆን ነበር። ልዩነቱ 10,350 ብር ነው። ሃምሳ ብሯን ያገኘው ምርመራ ይህን አላየውም።

መስኮቱ ላይ ሁለት መልስ ይጠብቃችኋል። የመጀመሪያው “ማጠጋጋት ነው” የሚለው ነው። ማጠጋጋት እውነት አለ፤ ልኩም ይታወቃል። ዋጋው በሁለት አሃዝ ታትሞ ሲስተሙ በአራት አሃዝ ቢያሰላ በአንድ ዶላር ቢበዛ ግማሽ ሳንቲም ይሳሳታል። በ600 ዶላር ሦስት ብር ማለት ነው። እስከ ሦስት ብር ይቅር በሉ፤ አሥር ሺህ ብር ግን ማጠጋጋት አይባልም።

ሁለተኛው መልስ ከበድ ያለ ነው፤ “ትዕዛዙ የተሰጠው አርብ ስለሆነ በአርብ ዋጋ ሠራነው” ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ውሉ ውስጥ የሚሠራው የትዕዛዝ ቀን ነው የሚል ካለ ባንኩ ትክክል ነው። ከሌለ ግን የጥያቄው ቁልፍ ሁለቱ እግሮች ናቸው። ገንዘቡ አርብ ከተመነዘረ ዶላሩ ለምን ሰኞ ወጪ ሆነ? ዶላሩ እስከ ሰኞ በደንበኛው ሂሳብ ከቆየ ጭማሪው የደንበኛው ነው። ዶላሩን በሰኞ ቀን፣ ዋጋውን በአርብ ቀን መያዝ አይቻልም። አንዱን ምረጡ በሉ።

የቀን ነገር ለእኛ አካባቢ ቅንጦት አይደለም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ሳለ የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ገንዘብ የተላከበትና የተመዘገበበት ቀን በወራት ሊራራቅ የሚችልበት አገር ላይ “በየትኛው ቀን ዋጋ?” የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በፊት ይመጣል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። አንዳንድ ስቴትመንት ግርጌ ላይ “ጠቅላላ በብር” የሚል መስመር ይኖራል። በሱ አትመርምሩ። የቀረው 339.47 ዶላር ማንም ሳይነካው የብር ግምቱ በየቀኑ ይቀያየራል። አንድም እንቅስቃሴ ሳይኖር ጠቅላላው ሊያድግ ይችላል፤ በዚያው ዕድገት ሥር የጎደለ ገንዘብ ሊደበቅ ይችላል። ለዚህም ነው ገጾቹን መለየት ያስፈለገው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ምጽዋት አይደለም። ባንኮች በሚያትሙት እያንዳንዱ የምንዛሪ መስመር ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ የተጠቀሙበትን ዋጋ፣ መግዣ ይሁን መሸጫ፣ ዋጋው የየትኛው ቀን እንደሆነ። ክፍያ ካለ በራሱ መስመር ይውጣ። ለእያንዳንዱ ገንዘብ መነሻና መዝጊያ ቀሪ ለየብቻ ይታተም። ይህ ሁሉ ሲስተሙ ውስጥ አለ፤ ያለሱ ማስላትም አይችልም ነበር። የጎደለው ቀለም ሳይሆን ፈቃድ ነው።

እስከዚያው ግን መስኮቱ ላይ በቁጣ አትሂዱ። በአንድ ወረቀት ላይ የመስመሩን ቀን፣ የተጻፈውን ቁጥርና መሆን የነበረበትን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ፤ ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ “ተቀብለናል” አስብላችሁ ቀንና ፊርማ ተቀበሉ። በኛ ምሳሌ ወረቀቱ ሦስት መስመር ብቻ ይኖረዋል፦ 10.53 ዶላር፣ 10,350 ብር፣ 50 ብር። የመጀመሪያው ማብራሪያ ይጠየቅበታል፣ ሁለተኛው የውሉ አንቀጽ፣ ሦስተኛው የክፍያው ስም።

ያን ጊዜ ማኅተም ትርጉም ይኖረዋል፤ እናንተ ባስገባችሁት ወረቀት ላይ ሲያርፍ።