ሠርጉ ይቆይ፤ ትምህርቱ ይቅደም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅቴ ሆይ፣ ሠርግሽ ለጥር ተቀጥሮ አንቺ ግን ገና ያልተጠመቅሽ ከሆነ ይህን ለአንቺ ጽፌዋለሁ። ያልተጠመቀ ሰው ጋብቻውን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሊፈጽም ስለማይችል፣ ዘመድ «ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ትጠመቅና ይለቅ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በዓርብ ገበያ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና መነሣታቸውን ለምደናል። ስለ ሕፃኑ የሚመልሱለት ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱ ናቸው። ዐዋቂ ግን የሚመልሰው በራሱ አንደበት ነው። ፊትሽን ወደ ምዕራብ መልሰሽ ሰይጣንን ትክጃለሽ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ በሥላሴ ታምኛለሽ። ምሥጢረ ሥላሴን፣ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ምሥጢረ ጥምቀትን፣ ምሥጢረ ቁርባንንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን አስቀድመሽ የምትማሪውም ለዚህ ነው። የቀደመው ሥርዓት ለንኡሰ ክርስቲያን 3 ዓመት ይሰጥ ነበር፤ ትጋትና ምግባር ግን ዘመኑን ያሳጥሩታል። ዛሬ ያን ያህል የሚጠብቅ የለም፤ ሁለት ሳምንት ግን አይበቃም።

በዚህ ጊዜ ወንጌልና ስብከት ሰምተሽ፣ ንኡሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ሲታወጅ ትወጫለሽ። ዐዋጁን የምናሰማው እኛ ዲያቆናት ነን፤ እውነቱን ለመናገር የሚወጣ ሰው እምብዛም አላየሁም። አንቺ ብትወጪ የሚያፍርብሽ አይኑር፤ ቦታሽ እርሱ ነውና።

ጥድፊያው ይበልጥ የሚጎዳው በክርስትና እናት ምርጫ ነው። በዚያው ማለዳ ሰው ሲጠፋ «አማትሽ ይሁኑልሽ» ይባላል። አማትሽ ክርስትና እናትሽ ከሆኑ ግን ልጃቸው የመንፈስ ወንድምሽ ይሆናል፤ በቤተ ክርስቲያን ሕግም ሊያገባሽ አይችልም። ከሁለቱ ወገን ዘመዶች ውጭ የሆነች፣ ጾሙንና ጸሎቱን የምታሳይሽ እናት አስቀድመሽ ፈልጊ።

በጥምቀቱ ቀን ጾመሽ ትመጫለሽ፤ ቁርባኑ በዚያው ዕለት ነውና። ማጥመቂያው ለሕፃን የተዘጋጀ ከሆነ የት እንደምትጠመቂ፣ ምን እንደምትለብሺም ካህኑን ቀድመሽ ጠይቂ። ሦስት ጊዜ በሥላሴ ስም ትጠመቂያለሽ፤ 36 የአካል ክፍሎችሽ በሜሮን ይታተማሉ፤ ማዕተብ ይታሰርልሻል። የክርስትና ስምሽንም በቃልሽ ያዢው፤ ለጸሎት የምትጠሪበት፣ በፍትሐትም የምትታሰቢበት ስም ነው። በሕፃንነቷ ተጠምቃ ከሃይማኖት የወጣች ግን ዳግመኛ አትጠመቅም፤ በንስሐና በጸሎተ ቄድር ትመለሳለች።

ከዚያ በኋላ ንስሐ አባት ትይዣለሽ። በጥምቀቱ ዕለት እልል የሚልልሽ ብዙ ነው፤ በቀጣዩ ዓርብ ግን ገበያ ውለሽ ስትመለሺ ምን እንደሚጾም፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም የምትጠይቂው ሰው ያስፈልግሻል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶች ሆይ፣ በዚያን ቀን ቤቷ ድረስ ሂዱላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።